የመከር ወግ ከገበሬው አንደበት ሲነገር

ኅዳር ወር ተጋምሶ ጤፍ መንጣት ሲጀምር በየዓመቱ የሚሰማ አንድ ዓይነት የራዲዮ ዝግጅት አለ። አንድ ገበሬ ከድምፅ መቅረጫ ፊት ይቆማል። የዘንድሮው ዝናብ መልካም እንደነበረ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ እንደደረሰው፣ ካለፈው ዓመት የበለጠ ምርት እንደሚጠብቅ ይናገራል። በመጨረሻም ሌሎች ገበሬዎች የእርሱን አርአያ እንዲከተሉ ያሳስባል። ዝግጅቱም በዚሁ ያበቃል።

ይህን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ያመሸው ገበሬ በማግሥቱ ማለዳ ማጭዱን ይዞ ወደ ማሳው ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጤፉ ከዳገቱ በኩል ነጥቷል፤ ከረግረጉ በኩል ገና አረንጓዴ ነው። ዛሬ ይጨደው ወይስ ሦስት ቀን ይቆየው? ለዚህ ጥያቄ ትናንት ማታ የሰማው ዝግጅት አንዳችም መልስ አልሰጠውም። የሰማው ድምፅ የገበሬ ድምፅ ቢሆንም ቃሉ የሪፖርት ቃል ነበርና።

የመከር ታሪክ በገበሬው አንደበት፣ «እኔ» እየተባለ ተጽፎ በራዲዮ እንዲነበብ ማድረግ መልካም ዘዴ ነው። ነገር ግን ዘዴው የሚጠቅመው ገበሬው በዓይኑ ያየው፣ በእጁ የዳሰሰው፣ በጆሮው የሰማው፣ በጥርሱ የፈተነው ነገር በጽሑፉ ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እነዚህን ነገሮች እንደ ጌጥ ይቆጥሯቸዋል፤ ቦታ ሲጠብም በመጀመሪያ የሚሰርዟቸው እነርሱን ነው። ይህ ስሕተት ነው። ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ በሌለበት ማሳ ላይ የገበሬው መለኪያ ቀለም፣ ድምፅ፣ ሽታና ንክሻ ነው። እነርሱ ከተሰረዙ ትምህርቱ ራሱ ተሰረዘ ማለት ነው።

ለእርሻ ራዲዮ የሚሆን ጽሑፍ ከገበሬው ኑሮ መነሣት እንዳለበት ካሳዩት ሰዎች አንዱ ካናዳዊው የእርሻ ጋዜጠኛ ጆርጅ አትኪንስ ነው። አትኪንስ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ወደ ዛምቢያ በተጓዘበት ጊዜ ከአፍሪካ አገሮች ከመጡ የእርሻ ራዲዮ አዘጋጆች ጋር ይነጋገራል። ከእነርሱ አንዱ ስለ ትራክተር ሞተር ካንዴላ አያያዝ ዝግጅት ማቅረቡን ይነግረዋል። ከአድማጮቹ መካከል ትራክተር ያላቸው ስንት እንደሆኑ ሲጠየቅ ግን እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ታወቀ። አትኪንስም ከዚህ በመነሣት በ1979 (እ.ኤ.አ.) ለአነስተኛ ገበሬዎች የሚጠቅሙ የራዲዮ ጽሑፎችን እያዘጋጀ ለየአገሩ አዘጋጆች የሚልክ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ዛሬ ፋርም ራዲዮ ኢንተርናሽናል ይባላል። የዚያ ወግ ትምህርት አጭር ነው፤ አድማጩ በእጁ ስለሌለው ነገር የሚነገረው ቃል አየር ላይ ይቀራል።

አንድ ማሳ፣ አንድ ሳምንት

ጸሐፊው በመጀመሪያ ማድረግ ያለበት ነገሩን ማጥበብ ነው። «የዘንድሮ መከር» የሚባል ነገር በአንድ ሰው አንደበት ሊነገር አይችልም። አንድ ሰው ሊናገር የሚችለው ስለ አንድ ማሳና ስለ ጥቂት ቀናት ነው። ከዚህ በታች በየቦታው የሚቀርበው ጽሑፍ የአድአን የጤፍ አጨዳና ውቂያ ልማድ በመከተል ለአብነት የተዘጋጀ ነው። ተናጋሪው ሁለት ጥማድ፣ ማለት ግማሽ ሄክታር ያህል፣ ዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ ነው። ወጉን እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦

«ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ወደ ማሳዬ ወረድሁ። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ገለባ መስሏል። ገብቼ ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ከዳገቱ በኩል ያለው እስከ ሥሩ ነጥቷል፤ ከውኃ መውረጃው በኩል ያለው ገና ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ከዳገቱ አንድ ዘለላ ቆርጬ በመዳፌ መካከል አሸሁት። ፍሬው ሳያስቸግር ወረደ። ቁንጥር ወስጄ በጥርሴ ብነክሰው ቀጭ አለ። ከታችኛው ወስጄ ብነክስ ግን ለጥ ብሎ ከጥርሴ ተጣበቀ። የላይኛው ደርሷል፤ የታችኛው አልደረሰም። የወንፈሉ ተራዬ ደግሞ ኅዳር 18 ነው። እንግዲህ እስከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይደርስልኛል ብዬ ተመለስሁ።»

በእነዚህ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሦስት የመድረስ ምልክቶች ተነግረዋል። ቅጠሉና አገዳው መንጣቱ፣ ፍሬው ሲታሽ በቀላሉ መውረዱ፣ ሲነከስም ቀጭ ማለቱ ናቸው። ጤፍ ሳይደርስ ቢታጨድ ፍሬው ይጨማደዳል፤ እርጥበቱም ከክምሩ ጋር ይገባል። ከደረሰ በኋላ ቢቆይ ደግሞ ይረግፋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። አድማጩ እነዚህን ምልክቶች «የሰብል መድረስ መለያ ነጥቦች» በሚል ርእስ ቢሰማቸው ኖሮ ሁለተኛውን ሲሰማ የመጀመሪያውን ይረሳ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያሽና ሲነክስ አይቷል፤ ነገ በራሱ ማሳ ያንኑ ያደርጋል።

ከዚህም የሚበልጠው ነገር በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ገበሬው የዘገየው ጤፉ መድረሱን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያዘገየው የወንፈሉ ተራ ነው። «ሰብልዎን በወቅቱ ይሰብስቡ» የሚለው ማሳሰቢያ ገበሬውን ወቅቱን እንደማያውቅ ሰው ይቆጥረዋል። የዘገየበት ምክንያት የሰው እጅ ማነስ፣ የተራ መጠበቅ፣ ልቅሶ ወይም የበዓል ቀን ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ካልተነገረ መፍትሔውም አይገኝም። ስለዚህ ጸሐፊው ገበሬውን ሲያነጋግር «መቼ አጨድህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «በዚያ ቀን ያላጨድኸው ስለ ምን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከሁሉ የተሻለውን ፍሬ ነገር ያገኛል።

የረገፈው ሲቆጠር

የራዲዮው ገበሬ ወጉን ይቀጥላል፦

«ኅዳር 16 ሌሊት ነፋስ ተነሣ። በማለዳ ሄጄ አየሁት። ጤፉ በስተ ምሥራቅ ተኝቷል። እጄን ሰድጄ ቀና ላደርገው ስል እንደ ደረቅ አሸዋ ሸሸሸ የሚል ድምፅ ከሥር ሰማሁ። ዝቅ ብዬ አየሁ። በጥቁሩ መሬት ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። መዳፌን በመሬቱ ላይ አስቀምጬ የመዳፌን ያህል ቦታ ለየሁና ፍሬውን በጭራሮ እየነካሁ ቆጠርሁ። ዘጠና ደረሰ። የልማት ሠራተኛው ሲያልፍ ነገርሁት። በብዕሩ ጥቂት ጫር ጫር አደረገና፣ እንዲህ ከሆነማ በሐምሌ የዘሩትን ዘር ያህል መልሰው ለመሬት ሰጥተዋል አለኝ።»

ይህ ስሌት ጸሐፊው ራሱ ሊሠራው የሚገባ ነው። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ስለሆነች 1,000 ፍሬ ተሰብስቦ የአንድ ግራም ሲሶ እንኳ በግድ ይሞላል። እንግዲህ በአንድ ግራም ውስጥ ወደ 3,000 ፍሬ አለ ማለት ነው። የመዳፍ ስፋት ርዝመቱና ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው ቢባል፣ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 100 መዳፍ ይገኛል። በአንዱ መዳፍ ቦታ 90 ፍሬ ከረገፈ በካሬ ሜትሩ 9,000 ፍሬ ወይም ወደ 3 ግራም ይሆናል። ይህም በአንድ ሄክታር ወደ 30 ኪሎ ግራም፣ በገበሬው ሁለት ጥማድ ላይ ደግሞ ወደ 15 ኪሎ ግራም ነው። ጤፍን በብተና የሚዘራ ገበሬ ለግማሽ ሄክታር የሚያወጣው ዘርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቆጠራው የሚያስተማምነው በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን በማሳው አምስት ወይም ስድስት ቦታ ላይ ተደርጎ አማካዩ ሲወሰድ ነው። ነፋስ የመታው ጥግና የተከለለው ጥግ እኩል አይረግፉምና።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን በገበሬው አንደበት መነገር የለበትም። ገበሬው ካሬ ሜትርና ግራም እየጠራ ቢናገር አድማጩ ወዲያውኑ ሌላ ሰው እየተናገረ መሆኑን ያውቃል። በገበሬው አፍ የሚቀረው «የዘሩትን ያህል መልሰው ለመሬት ሰጥተዋል» የሚለው ነው። ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ አባባሉም ይጸናል። ቁጥሩ ሳይሠራ የሚነገር አባባል ግን ማጋነን ነው፤ ገበሬም የተጋነነ ነገር ቶሎ ይለያል።

ቀጥሎ ያለው የወጉ ክፍል ጸሐፊው ሊሰርዘው የሚፈተንበት ነው፦

«ኅዳር 15 ቀን ተራው የነበረው ጎረቤቴ ነው። የእርሱ ጤፍ ዘግይቶ የተዘራ ስለሆነ ገና ነበር። ጋሼ፣ ተራ እንለዋወጥ ብዬ ብጠይቃቸው ደስ ብሏቸው እሺ ባሉኝ ነበር። ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም። ወይም ከቤት ሰው ጋር ሆኜ የዳገቱን በኩል ብቻ አስቀድሜ ባጭደው፣ የታችኛውን ለወንፈሉ ቀን ባቆየው ይቻል ነበር። ይኸም አልታየኝም።»

ጥፋትን የሚያምን ገበሬ በራዲዮ እምብዛም አይሰማም። የሚሰማው የተሳካለት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አድማጩ ከሌላው ሰው ስኬት ይልቅ ከስሕተቱ የሚማረው ይበልጣል፤ ስሕተቱን በራሱ ላይ ያውቀዋልና። እዚህ ላይ ሁለት የሚሠሩ መፍትሔዎች ተነግረዋል። አንደኛው ተራ መለዋወጥ ነው፤ ሁለተኛው ማሳውን በሁለት ከፍሎ የደረሰውን አስቀድሞ ማጨድ ነው። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ማንም ሰው «ልታደርጉ ይገባል» አላለም። ሰውየው የሚጸጽተውን ብቻ ተናገረ።

ሽታና ሙቀት ሲናገሩ

ጤፍ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ቢታጨድ ፍሬው ከዘለላው አጥብቆ ስለሚይዝ የሚባክነው ያንሳል። ነገር ግን ጤዛ የያዘውን ነዶ ወዲያውኑ መከመር ሌላ ጥፋት ያመጣል። ይህ ሁለት ተቃራኒ ነገር ያለበት ምክር በመሆኑ በመመሪያ መልክ ሲነገር ግራ ያጋባል። በወግ መልክ ግን እንዲህ ሊቀርብ ይችላል፦

«በወንፈሉ ቀን ከጎሕ ጀምረን አጨድን። እጃችን በጤዛ ራሰ። ማጭዱ በእርጥቡ አገዳ ላይ ሲሄድ ድምፁ ለስላሳ ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ማጭዱ ክርች ክርች ማለት ጀመረ፤ ፍሬውም በእግራችን ላይ ይዘንብ ጀመር። ያን ጊዜ ማጨዱን ተውንና የታጨደውን ማገላበጥ ያዝን። ነዶው ሦስት ቀን ተሰጥቶ ዋለ። አንዱን አገዳ አንሥቼ ስቀጨው ቀጭ ብሎ ሲሰበር፣ አሁን ይከመር አልሁ።

«አምና ግን እንዲህ አላደረግሁም ነበር። ደመና አየሁና ፈርቼ እርጥቡን ከመርሁት። በአምስተኛው ቀን እጄን እስከ ክርኔ ወደ ክምሩ ብከተው እንደ ሊጥ ዕቃ ይሞቃል። ሳወጣው እጄ የረጠበ አመድ ይሸታል። ክምሩን አፍርሼ እንደ ገና አሰጣሁት። ከመካከሉ የወጣው ጤፍ ጠቁሮ ነበር፤ እንጀራው ቢጋገርም ሽታው አልለቀቀም።»

እጅን እስከ ክርን ወደ ክምር ውስጥ ከቶ ማየት እርጥበትን ለማወቅ የሚያስችል እውነተኛ ምርመራ ነው። እርጥብ ሰብል ሲከመር ይተነፍሳል፤ ሻጋታም ይበቅልበታል፤ በዚህም የተነሣ ሙቀቱ ይጨምራል። ክምሩ ከሞቀ ጥፋቱ ጀምሯል፤ የቀረው ፈጥኖ ማፍረስና ማናፈስ ነው። ክምሩ ከፍ ባለ ቦታ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ቢሠራ፣ ዘለላው ወደ ውስጥ፣ የአገዳው ሥር ወደ ውጭ ሆኖ ጫፉ እንደ ጎጆ ቢሾል፣ ያልታሰበ የኅዳር ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውኃው ወደ ጎን ይወርዳል። ይህን አብዛኛው ገበሬ ያውቀዋል። ጽሑፉ ደግሞ የሚያውቀውን ነገር ሊያስተምረው አይገባም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ይበቃል። የሚያረዝመው ገበሬው በሚሳሳትበት ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ ስሕተቱም ደመና አይቶ እርጥቡን መከመሩ ነው።

በጥርስ የሚታወቀው አፈር

በአውድማ ላይ ያለው ነገር በድምፅና በሽታ የተሞላ በመሆኑ ጸሐፊን ያሳስታል። የበሬዎቹ ጩኸት፣ የአበራዮቹ ዜማ፣ የመንሹ ውርወራ፣ በምሽቱ ብርሃን የሚበርረው እብቅ ሁሉ ያማረ ነው። ግን ያማረ ነገር ሁሉ ይግባ ከተባለ ወጉ ይረዝማል፤ አንዳችም ነገር አይቀርበትም። መመረጫው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ድምፅ ወይም ይህ ሽታ ለአድማጩ ምን ያስታውቀዋል? በሚከተለው ክፍል የተመረጠው የባለቤቱ ቃል ነው፦

«ዋልካ መሬት በኅዳር ይሰነጠቃል። አውድማውን ጠርጌ፣ ውኃ ረጭቼ፣ አስረግጬ በእበት ለቀለቅሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለቀለቅሁት። ስንጥቁ በሁለተኛው ቀን ከሥር ብቅ አለ። ቸኩዬ ስለነበር በዚያው በሬዎቹን አስገባሁ። ጤፉን ወቅተን፣ በመንሽ ገለባውን አንሥተን፣ ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ በተንነው። እብቁ ሄደ። አፈሩ ግን ከጤፉ ጋር ወረደ። ከርቀት ሲታይ ንጹሕ ነው። ባለቤቴ ከምርቱ ቁንጥር አንሥታ ወደ አፏ አደረገች። ጥቂት ቆይታ ተፋችው። ይኸ ጤፍ ወንፊት ሦስት ቀን ያስይዘኛል አለች።»

ላይዳና ነፋስ የሚለዩት ቀላሉን ከከባዱ ነው። ገለባና እብቅ ቀላል በመሆናቸው ይሄዳሉ። አሸዋና የጠጠር ፍርፋሪ ግን ከጤፍ ፍሬ ጋር የሚተካከሉ ወይም የሚከብዱ ስለሆኑ ነፋስ አይወስዳቸውም። የጤፍ ፍሬ ትንሽነትም ነገሩን ያብሰዋል። በስንዴ ውስጥ የገባ አፈር በወንፊት በቀላሉ ሲለይ፣ በጤፍ ውስጥ የገባው ደቃቅ አሸዋ ግን ከፍሬው ጋር በአንድ ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ አፈሩ ከገባ በኋላ ከማስወጣት አስቀድሞ እንዳይገባ መከላከል ይሻላል። አውድማው ተለቅልቆ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ስንጥቁ ሲወጣ ደግሞ እንደ ገና መለቅለቅ፣ ቢቻል ሸራ ማንጠፍ፣ በሬዎቹ እበት ሲጥሉም ፈጥኖ ማንሣት ያስፈልጋል። የመውቂያ መኪና በሚገኝበት አካባቢ ደግሞ ጤፉ ከመሬት ጋር ሳይገናኝ በሸራ ላይ ስለሚወርድ የአፈሩ ነገር ይቃለላል።

በዚህ የወጉ ክፍል ውስጥ ባለቤትየው የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በላይ አያስፈልጋትም። በአውድማ ላይ በአንድ ቀን ችኮላ የተዳነው ድካም በቤት ውስጥ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሦስት ቀን ሆኖ እንደሚወድቅ አድማጩ ይረዳዋል። የመከር ወግ ሲጻፍ ባልየው ብቻ ይጠየቃል፤ የእህሉን ጥራት የምታውቀው ግን ነፍታና አበጥራ፣ ፈጭታና ጋግራ የምታየው ሴት ናት። እርሷ ሳትጠየቅ የተጻፈ የመከር ታሪክ ግማሽ ነው።

ወግ የማይሸከመው ነገር

ይህ ዘዴ ወሰን አለው። ወሰኑን ያላወቀ ጸሐፊ ከመጥቀም ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። የመጀመሪያው ወሰን መድኃኒት ነው። የጎተራ ነቀዝን ለመግደል የሚያገለግለው ጋዝ የሚያወጣ እንክብል ለሰው ሕይወት እጅግ አደገኛ ነው፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ሊቀመጥ አይገባውም። «እኔ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል አደረግሁበት» የሚል የገበሬ ወግ በራዲዮ ቢተላለፍ ሰው ሊሞትበት ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር ከወጉ ወጥቶ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በግልጽ መመሪያ፣ ለብቻው መነገር አለበት። ወግ የሚሸከመው ገበሬው በእጁና በዓይኑ ሊመረምር የሚችለውን ነገር ነው። መጠንና መርዝን አይሸከምም።

ሁለተኛው ወሰን ሰብልና አገር መለያየቱ ነው። በጤፍ የተነገረው ለበቆሎ አይሆንም። ጤፍን ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይነካውም፤ በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። በቆሎን ግን ነቀዝ ገና በማሳ ሳለ ሊጀምረው ይችላል። የበቆሎ ገበሬ ወግ ቢጻፍ ጥርስና መዳፍ ሳይሆን ጨውና ጠርሙስ ይገባበታል። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና የተፈለፈለ በቆሎ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ይነቀንቁታል። ጨዉ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ በቆሎው ለጎተራ ገና እርጥብ ነው፤ ካልተጣበቀ ደርቋል። ምልክቱ ሌላ ቢሆንም የአጻጻፉ ሥርዓት ያው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት፣ አንድ የሚታይ ወይም የሚሰማ ውጤት።

ሦስተኛው የአደራ ነገር ነው። ጸሐፊው የገበሬውን ቃል አሳምሮ ሲጽፍ ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የተጻፈው ከመተላለፉ በፊት ለባለቤቱ ሊነበብለት ይገባል። ገበሬው «ይህን አላልሁም» ያለው ይወጣል። ጎረቤቱን የሚያስቀይም ነገር ካለም ይስተካከላል። ያልወሰነውን ውሳኔ፣ ያልገባውን ቃል በአፉ ማስገባት አይገባም። «በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ አመርታለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከብዙ ገበሬዎች አፍ ተሰምቷል። ከስንቶቹ ልብ እንደወጣ ግን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው።

በጸጥታ መጨረስ

የመከር ወግ እንዴት ይዘጋ የሚለው ከሁሉ የሚያከራክር ነው። የዝግጅት ኃላፊዎች ብዙውን ጊዜ መደምደሚያው ጥሪ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ምክንያታቸውም አድማጩ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው ሳይገባው ይቀራል የሚል ነው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ነገሩ በወጉ መካከል በግልጽ ካልተነገረ ጸጥ ያለው መጨረሻ ባዶ ይሆናል። በመካከሉ ከተነገረ ግን ጥሪው የተባለውን ያፈርሰዋል። እስከዚያ ድረስ አድማጩ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ጥሪው ሲመጣ ጎረቤቱ ተነሥቶ ይሄድና በቦታው ድምፅ ማጉያ ይቆማል።

መከር ደግሞ በራሱ ጸጥ ብሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወንፈሉ ይበተናል፤ አውድማው ይጠረጋል፤ በሬዎቹ ይፈታሉ። በዚያች ሰዓት ገበሬው ስለ ዓመቱ የሚያውቀውን ሁሉ ያውቃል፤ ለማንም የሚያሳስበው ነገር የለውም። አድማጩም በዚያን ሰዓት የራሱን ማሳ ያስባል። ጸሐፊው ይህን ጊዜ ሊተውለት ይገባል። ስለዚህ የሁለት ጥማዱ ገበሬ ወግ እንዲህ ብሎ ቢያልቅ ይበቃል፦

«ሲመሽ የመጨረሻውን ጆንያ አስገባሁ። ባለቤቴ ኩራዙን ይዛ ከደጅ ቆማ ነበር። ስንት ሆነ አለችኝ። ስድስቱ ሞልቷል፤ ሰባተኛው ጥቂት ጎድሎታል አልኋት። ምንም አላለችም። ጤፉን ወደ ጎታው ገለበጥነው፤ ሲወርድ እንደ ካፊያ ይሰማል። አፉን ከደንሁና ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። ከዚያ ወጥቼ አውድማውን ጠረግሁ። የወጣው ከአፈር ጋር የተቀላቀለ አንድ እፍኝ ያህል ነው። ለዶሮዎች በተንሁት። ነፋሱ ቆሟል። በሬዎቹ በጨለማ ጭዱን ሲያኝኩ ይሰማል። ጥቂት ቆሜ አዳመጥኋቸውና ገባሁ።»